ኢናላፕሪል ከተወሰደ በኋላ ስለደረሰ የፊትና የምላስ እብጠት የቀረበ ሪፖርት

ቀን፦ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ፋርማሲስት
ግልባጭ፦ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን፣ የመድኃኒት ደህንነት ክትትል ክፍል

ጉዳዩ፦ በኢናላፕሪል ምክንያት ደርሷል ብለን የጠረጠርነውን ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ስለማሳወቅ

ይህን ሪፖርት የማቀርበው የታማሚዋ ልጅ እንደመሆኔና መድኃኒታቸውን በቤት ውስጥ የምከታተለውም እኔ ስለሆንኩ ነው። እናቴ ሪፖርቱ እንዲቀርብ ፈቅደዋል፤ ከመላኩ በፊትም አንብቤላቸው አንዳንድ ቦታ አርመውኛል። ሙሉ ስማቸውና አድራሻቸው በመድኃኒት ቤቱ መዝገብ በካርድ ቁጥር 2186 ስለሚገኝ እዚህ አልጻፍኩትም። ዕድሜያቸው 61 ዓመት፣ ክብደታቸው 68 ኪሎ ግራም ነው።

የተጠረጠረው መድኃኒት ለደም ግፊት የታዘዘላቸው ባለ 5 ሚሊ ግራም የኢናላፕሪል እንክብል ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት 5 ሚሊ ግራም መውሰድ ጀመሩ። ግፊታቸው በሚፈለገው መጠን ስላልወረደ ሐኪማቸው ከየካቲት 10 ቀን ጀምሮ መጠኑን ወደ 10 ሚሊ ግራም ከፍ አደረጉት፤ ይኸውም በየጠዋቱ ሁለት እንክብል በአንድ ላይ ማለት ነው። አንድም ቀን እንዳልዘለሉና ከታዘዘው በላይ እንዳልወሰዱ የቀሩትን እንክብሎች ቆጥሬ አረጋግጫለሁ። በመጨረሻው ሳጥን ላይ የተጻፈው የምርት መለያ ቁጥር 40718፣ የአገልግሎት ማብቂያው 11/2026 ነው። የአምራቹ ስም እንዲነበብ የሳጥኑን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ፤ የተረፉትን 14 እንክብሎችም ምርመራ ካስፈለገ ብዬ ከነማሸጊያቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

በተጨማሪ የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ሲሆን ሁለት ዓመት ያለ ችግር ተጠቅመውበታል። ለራስ ምታት አልፎ አልፎ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ይወስዳሉ፤ ከክስተቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የወሰዱት መጋቢት 11 ቀን ነበር። ሌላ መድኃኒትም ሆነ የባህል መድኃኒት አልወሰዱም። ከዚህ በፊት በመድኃኒትም ሆነ በምግብ አለርጂ ገጥሟቸው አያውቅም፤ በቤተሰባችንም እንዲህ ያለ እብጠት የነበረበት ሰው የለም።

አስቀድሞ የታየውን ምልክት በተለይ እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። መጋቢት 2 ቀን፣ መድኃኒቱን በጀመሩ በ50ኛው፣ መጠኑ በጨመረ በ22ኛው ቀን፣ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ የታችኛው ከንፈራቸው ግራ ጎን ንብ የነደፈው መስሎ አብጦ ነበር። አላሳከካቸውም፤ አላመማቸውም። «ሌሊት አንዳች ነገር ነክሶኝ ይሆናል» አሉና የዕለቱን መድኃኒት እንደ ወትሮው ወሰዱ። እኔም ለእኅቴ ላሳያት ብዬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ፎቶግራፍ አነሳኋቸው እንጂ መድኃኒቱን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠርኩም፤ ምክንያቱም ሰባት ሳምንት በሰላም የተወሰደ መድኃኒት ከዚያ በኋላ እንዲህ ያደርጋል ብሎ የሚያስብ በቤታችን አልነበረም። እብጠቱ እስከ ማታ በራሱ ጠፋ፤ እርሳቸውም መድኃኒቱን ለ14 ተጨማሪ ቀናት ቀጠሉ። ያን ዕለት ወደ እናንተ ደውዬ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ክስተት ባልደረሰ ነበር የሚለው ሐሳብ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ፎቶግራፉን ከነተነሳበት ሰዓት አያይዣለሁ።

ዋናው ክስተት የደረሰው መጋቢት 16 ቀን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 10 ሚሊ ግራሙን ወሰዱ። ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የታችኛው ከንፈራቸው እንደመደንዘዝ አለና ማበጥ ጀመረ። 4 ሰዓት ላይ እብጠቱ ወደ ላይኛው ከንፈርና ወደ ቀኝ ጉንጫቸው ተዛመተ። 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ምላሳቸው አብጦ አፋቸውን ስለሞላው ድምፃቸው ታፈነ፤ የሚሉትም አይለይም ነበር። ውሃ ስሰጣቸው መዋጥ አቅቷቸው በከንፈራቸው ጥግ ፈሰሰ፤ ምራቃቸውንም መዋጥ ስላልቻሉ በመሐረብ ይጠርጉት ነበር። በአካላቸው ላይ ሽፍታ አልወጣም፤ የሚያሳክክ ነገርም አልነበረም። በዕለቱ አዲስ ምግብ አልቀመሱም፤ የተነከሱበት ምልክትም አልታየም።

5 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረስን። የደም ግፊታቸው 148/92፣ የኦክሲጅን መጠናቸው 95 በመቶ ነበር። በጡንቻ አድሬናሊን 0.5 ሚሊ ግራም፣ በደም ሥር ሃይድሮኮርቲዞን 200 ሚሊ ግራምና የአለርጂ መከላከያ መርፌ ተሰጣቸው፤ ሆኖም በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ ጉልህ ለውጥ አልታየም። የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ተዘጋጅተው በቅርብ ሲከታተሏቸው ቆዩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ቱቦው አላስፈለገም። ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ የምላሳቸው እብጠት መቀነስ ጀመረ፤ መጋቢት 18 ቀን ረፋድ ላይ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በዚያው ዕለት ከሆስፒታል ወጡ። የኩላሊት ምርመራቸው ጤናማ እንደነበር በመውጫ ወረቀታቸው ላይ ሰፍሯል፤ ቅጂው ተያይዟል።

ኢናላፕሪል ድንገተኛ ክፍል በገቡበት ዕለት ተቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህም አልተወሰደም፤ ሐኪሙም ዳግመኛ እንዳይሞከር አጥብቀው ከልክለዋል። በምትኩ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ታዝዞላቸዋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ግን ሳይቋረጥ ቀጥሏል። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ዛሬ 15 ቀን ሲሆነው እብጠቱ አልተመለሰም፤ የቀረ ጉዳትም የለም። ከጥር ወር መጨረሻ ጀምሮ ሲያስቸግራቸው የነበረውና ጉንፋን ነው ብለን የተውነው ደረቅ ሳልም እስከ መጋቢት 27 ቀን ጠፍቷል።

ያከሟቸው ሐኪም እንዳስረዱኝ ኢናላፕሪል ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሰብረውን ኢንዛይም ስለሚያግደው ንጥረ ነገሩ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ሳሉም እብጠቱም ከዚህ የሚመነጩ ናቸው። የአለርጂ መርፌው ያልሠራውም፣ ሽፍታና ማሳከክ ያልነበረውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነግረውኛል። ይህ ጉዳት መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን ብቻ ሳይሆን ከወራት፣ አልፎም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ እንደሚችልም አክለዋል። እኔ የማቀርበው ጥርጣሬን እንጂ ማረጋገጫን አይደለም፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሲቀር እብጠቱ መቅረቱ፣ ሌላው መድኃኒታቸው ቀጥሎም አለመመለሱ ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል ብዬ አምናለሁ። ሕይወትን ለአደጋ ያጋለጠና ሆስፒታል ያስተኛ በመሆኑ በከባድ ደረጃ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ።

ከመድኃኒት ቤቱ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በእናቴ ካርድ ላይ ኢናላፕሪልም ሆነ እንደ ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪል ያሉ የዚሁ ምድብ መድኃኒቶች እንዳይሰጧቸው በጉልህ እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው ይህን መድኃኒት ለሚወስዱ ሌሎች ሰዎች፣ በተለይ ሊደግሙ ሲመጡ፣ ከንፈራቸው አብጦ ያውቅ እንደሆነ እንዲጠየቁ ነው። ለእኛ መድኃኒቱ ሲሰጠን ስለ ማዞርና ስለ ሳል ተነግሮናል፤ ስለ እብጠት የተነገረን አልነበረም። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በደቃቅ ጽሑፍ ይጠቅሰዋል፤ እኔ ያነበብኩት ግን ከሆስፒታል ከተመለስን በኋላ ነው።

ለተጨማሪ ማብራሪያ በካርዱ ላይ በተመዘገበው ስልኬ ልታገኙኝ ትችላላችሁ፤ ያከሟቸው ሐኪምም የሕክምና ማስረጃ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸውልኛል።

ከአክብሮት ጋር
የታማሚዋ ልጅ

አባሪ፦ የመውጫ ወረቀት ቅጂ 1 ገጽ፣ የመድኃኒቱ ሳጥን ፎቶግራፍ፣ መጋቢት 2 ቀን የተነሳ ፎቶግራፍ