አዎ፣ ሰው ነኝ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ እንዴት አመሹ? እናትዎስ ደህና ናቸው?

«የሚመልስልኝ ሰው ነው ወይስ ማሽን?» ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ አሁን የምጽፍልዎት ሰው ነኝ። ባሕር ዳር ወደቡ አጠገብ ካለችው ቢሯችን ሆኜ የጀልባ ቀጠሮ እይዛለሁ። ጥርጣሬዎ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ገና «ሰላም» ከማለትዎ የደረሰዎት «እንኳን ወደ ጣና በደህና መጡ፤ ወደ ሁሉም ገዳማት እናደርሳለን» የሚለው መልእክት እኔ የጻፍኩልዎት አይደለም። አስቀድመን ስልኩ ላይ ሞልተነው ነው፤ ማንም ሲጽፍልን በራሱ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት እኔ ከዘጌ የተመለሱ እንግዶችን ከጀልባ እያወረድኩ ነበር፣ መልእክትዎን ያየሁት ቆይቼ ነው። የኔ ሰላምታ እላይ ያለው ነው።

ሌላም ይወቁልኝ፤ ይህን ስልክ የምንይዘው ሁለት ነን። ጠዋት ባልደረባዬ ትይዘዋለች፣ ከቀትር በኋላ እስከ ማታ እኔ ጋ ነው። ነገ ጠዋት ቢጽፉ የምትመልስልዎት እሷ ናት፤ የተጻጻፍነውን አንብባ ከዚያው ትቀጥላለች።

«ቀብድ ላኪ ብሎኝ ከዚያ ስልኩን የዘጋ ሰው አለ» ያሉትን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ለእናት ተብሎ የተጠራቀመ ገንዘብ እንዲያ ሲወሰድ ያበሳጫል። ስለዚህ «ሰው ነኝ» ማለቴ ብቻ እንደማይበቃዎት ይገባኛል፤ ያ ያታለለዎትም ሰው ነበርና። በዚሁ ቁጥር ይደውሉልኝ፣ በድምፅ እንነጋገር። በቪዲዮ ቢያደርጉት ደግሞ ቢሮውንም፣ ጀልባዎቹንም አሳይዎታለሁ። እዚህ ዘመድ ካለዎት ወደቡ ድረስ ይምጣና ጀልባውን በዓይኑ ይይ፤ ቆሜ አስጎበኘዋለሁ። ቀብድ አይላኩ። ሂሳቡን የሚከፍሉት እዚሁ መጥተው፣ ጀልባውን አይተው፣ ላይፍ ጃኬቱን ለብሰው ሊሳፈሩ ሲሉ ነው። በእኛ ስም ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ካለ እኛ አይደለንም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እናትዎ ክብራን ገብርኤልን መሳለም እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። ያ በራሱ የሚሄደው መልእክት «ወደ ሁሉም ገዳማት» ይላል፤ የሚያነበው ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ። ጀልባው ደሴቱ ዳር ያደርሳችኋል፣ ከዚያ በላይ ግን እርስዎም እናትዎም መውጣት አትችሉም። ይህን እዚህ ከደረሱ በኋላ ቢሰሙት እናትዎ ምን ያህል ቅር ሊሰኙ እንደሚችሉ ሳስበው፣ መልእክቱን ነገውኑ ከባልደረባዬ ጋር ማስተካከል እንዳለብን ተሰማኝ።

ክብራንን ከጀልባው ላይ ሆነው ማየትና መሳለም ይችላሉ። ከአጠገቡ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ ገዳም ሴትም ስለሚገባ ሁለታችሁም ትገባላችሁ። እኔን ቢጠይቁኝ ግን ለእናትዎ የምመርጥላቸው ዘጌ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። መቅደሱን ዙሪያውን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ የቅዱሳኑን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው እያንዳንዱ ፊት ለፊት ቆሞ የሚነበብ ነው። እናትዎ እዚያ ቶሎ «በቃኝ» የሚሉ አይመስለኝም።

የሚያሳስበኝ ያማቸዋል ያሉኝ ጉልበታቸው ነው። ከጀልባ ከተወረደ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ዳገት አለው፣ ቦታ ቦታውም ድንጋይ ነው። ደግነቱ በቡና ጫካ ውስጥ ስለሚያልፍ ጥላ ነው። ከበሮና ትንንሽ ታንኳ የሚሸጡ ሰዎችም በመንገዱ ዳር አሉ፤ እነሱ ጋ አረፍ እያሉ መውጣት ይቻላል። ማንም አያጣድፋችሁም፤ ጀልባ ነጂው እስክትመለሱ ይጠብቃል። ደቅ ደሴት ላይ ያለውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ግን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ሴትም ይገባል፣ እጅግም ያምራል፤ ነገር ግን ሩቅ ነው፣ በሕመም ላይ ያለ ጉልበት ያን ያህል ሰዓት ታጥፎ መቀመጥ ይከብደዋል።

ቅዳሜ ከመጡ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንነሳ። ጣና ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ብንመለስ ለእናትዎ ይሻላል።

ዛሬ ማታ እስከ 3 ሰዓት ስልኩ እኔ ጋ ነው። ሲደውሉ ሁለት ነገር ይንገሩኝ፤ እናትዎ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው ወይስ ደግፈዋቸው? ከዚህ በፊትስ ጀልባ ላይ ወጥተው ያውቃሉ? ከወደቡ ጀልባ ላይ ሲወጡ የሚይዛቸው ሰው አብሮ እንዲመጣ ለጀልባ ነጂው ቀድሜ ልንገረው።