ድሬዳዋና ሐረር በሆድ ሰዓት፦ የአራት ቀን የመብል ፕሮግራም

ለዳዊትና ለመክሊት፣ ለእትዬ አልማዝና ለትንሹ ናሆም

ከሐሙስ እስከ እሁድ፣ ጥቅምት አጋማሽ። ሁለት ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት ሐረር።

መጀመሪያ የላካችሁልኝን ዝርዝር አየሁት። ባቡር ጣቢያ፣ ሙዚየም፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ የሐረር አምስቱ በሮች። ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን የትም አይሄዱም። ፉል ግን ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ላይ ብትመጡ የምታገኙት የድስቱን ቂጥ ነው። ስለዚህ ቀኑን የከፈልኩት ምግቡ ከእሳት በሚወርድበት ሰዓት ነው። ትኩስ ምግብ ከጣዕሙ ሌላ ሆድንም ይጠብቃል። መንገድ ላይ የሚያሳምመው ብዙውን ጊዜ በስሎ ለብ እያለ ለሰዓታት የተቀመጠው ነው። ሰዓቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።

ፕሮግራሙን የወሰኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። እትዬ አልማዝ አርብ ይጾማሉ፣ እስከ ስድስት ሰዓትም እህል አይቀምሱም። ሥጋ ደግሞ የክርስቲያን ቤት ካልሆነ አይነኩም። ናሆም ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ለእሱ ትንሽ ጠበቅ እንላለን። ዳዊት፣ አንተ ጨጓራህን አትርሳ። የድሬ ዳጣ ቀልድ አያውቅም።

የምትይዙት፦ ሳሙና (ትንሽ ቁራጭ፣ በላስቲክ)፣ ሶፍት፣ ከፋርማሲ ሁለት ሦስት ፓኬት ለተቅማጥ የሚሆን ኦአርኤስ፣ የትንኝ ቅባት፣ ዝርዝር ብር። ቅባቱን ናቅ እንዳታደርጉት። ድሬ ወባም የደንጊ ትኩሳትም አለ። የደንጊዋ ትንኝ የምትናከሰው ደግሞ ቀን ነው፤ ምሽት ብቻ መቀባት አይበቃም።

ሐሙስ፦ ድሬ መግቢያ

በረራው ጠዋት ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ሆቴል ትሆናላችሁ። ማረፊያችሁ ከዚራ ነው፣ ዛፍና ጥላ ያለበት ሰፈር። ምሳ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሩዝ በሥጋ። የፍየል ሥጋው በሩዙ ላይ እየጨሰ ይመጣል፣ ሙዝ አብሮት ይቀርባል። ሙዙን ከሩዙ ጋር ነው የምትበሉት፤ ለኋላ እንዳታስቀምጡት። ለእትዬ እዚያው ሰፈር ካሉት የክርስቲያን ቤቶች ጥብስ ወይም ፓስታ።

ከሰባት እስከ አስር ምንም አልጻፍኩም። ከተማውም ያን ሰዓት ምንም አይጽፍም። ፀሐዩ ያስተኛል፣ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ያልተኛው ይቅማል። ተኙ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ በሉና ሳምቡሳና ባጊያ ፈልጉ። ባጊያ ከተፈጨ ጥራጥሬ የሚጠበስ ነው፤ ውጪው ሲነክሱት ይሰበራል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። እዚህ ላይ ዓይናችሁ ዘይቱ ላይ ይሁን። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ አረፋ የሚያበዛ ከሆነ ተደጋግሞ የተጠበሰበት ነው፤ እለፉት። ትሪ ላይ የተከመረውን አትውሰዱ። «አሁን ከሚወጣው» በሏት። ሦስት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ያው ነው። ዳጣውን ደግሞ በራሳችሁ ማንኪያ ከጎን አስደርጉ፤ ሁሉም የሚነክርበት ሳህን ውስጥ አትንከሩ።

አርብ፦ ከባዱ ቀን

አርብን ሁለቴ አፍርሼ ነው የሠራሁት። እትዬ የሚያፈጥሩት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ጁምዓም የሚሰገደው በዚያው ሰዓት ነው። ከአምስት ተኩል ጀምሮ ብዙ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ባዶ ይሆናሉ፤ እስከ ሰባት ተኩል ድረስ በር ላይ መቆም ነው። ቀፊራ ገበያ ሆናችሁ ስድስት ሰዓት ቢደርስባችሁ እትዬ በባዶ ሆድ ፀሐይ ላይ ይቀራሉ። እንዲህ አድርጉት፦

12:30 ላይ ፉል፤ ለእናንተና ለናሆም። እትዬ ይተኙ። ፉል ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት የምድጃውን ጩኸት ነው። የፉል ቤቱ ልጅ ትንሿን የብረት መጥበሻ እሳቱ ላይ ያስቀምጣል፣ ከትልቁ ድስት በጭልፋ ይጨልፍባታል፣ ይፈጭበታል፣ እንቁላል ይሰብርበታል። ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ ገና እየፈላች ነው። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ የመንገድ ምግብ አላውቅም። ችግሩ ከላይ የሚነሰነሰው ጥሬ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው፤ በምን ውሃ እንደታጠበ አታዩም። ለናሆም «ጥሬው ይቅር» በሉ። ዳቦው ትኩስ ነው፣ በእጅ ነው የሚበላው፣ ሳሙናችሁን አውጡ።

ሁለት ተኩል ላይ እትዬን ይዛችሁ በባጃጅ ወደ ቀፊራ። የደጫቱን ወንዝ ተሻግሮ ነው። የገበያው መግቢያ ቅስት ቅስት ያለው ነው፤ ፎቶ የምታነሱት እዚያ ነው፣ ግን ሰዎቹን ሳትጠይቁ እንዳታነሱ። ገበያው ጠዋት ነው የሚሞቀው። ኦሮሞዎቹ ከገጠር፣ ሶማሌዎቹና አፋሮቹም ከቆላው ያመጡትን ይዘው ይቀመጣሉ። ቅመም እዚህ ግዙ። ፍራፍሬ ግዙ፣ ግን ልጣጭ ያለውን፤ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን። ተቆርጦ የተደረደረውን ፓፓያ ዝንቡ ቀድሟችኋል።

የግመል ወተት ይቀርብላችኋል። ዕቃው በጭስ የታጠነ ስለሆነ ሽታው ይማርካል። ጥሬውን አትጠጡ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ ያመጣል፣ እሱም ለሳምንታት የሚያንገላታ ትኩሳት ነው። ተፈልቶ ሻይ ውስጥ ሲገባ ግን ግሩም ነው። ሻይ ቤቱን ጠይቁ፣ ያፈሉላችኋል።

አምስት ሰዓት ላይ ከገበያ ውጡ። አንድም ሱቅ እንዳያስቀራችሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ከዚራ የጾም በያይነቱ ቤት ቁጭ በሉ። አርብ በያይነቱ ትኩስ የሚሆንበት ቀን ነው፤ ጿሚው ብዙ ስለሆነ ወጡ አያድርም። ማክሰኞ ብትበሉት ሌላ ታሪክ ነው። ሰላጣውን እትዬ ካላመኑት ተዉት፣ ምስሩና ሽሮው ይበቃል።

እንደገና እንቅልፍ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዳዊትና መክሊት የተጠበሰ ሥጋ፣ እትዬ የጾም ፓስታ። ባቡር ጣቢያው በመንገዳችሁ ላይ ነው፤ ከድሬዳዋ ጋር አብሮ በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደ ነው። ከውጪ እዩት፣ አስር ደቂቃ ይበቃዋል።

ቅዳሜ፦ ወደ ሐረር

አንድ ሰዓት ላይ ፈጢራ። ስስ ሊጥ ታጥፎ፣ እንቁላል ገብቶበት፣ ማር ፈሶበት። አሁን ጾም የለም፣ እትዬም ይብሉ። ጥሩ ቤት መሆኑን ለማወቅ ሊጡ ሲዘረጋ ማየት ይበቃል፤ ከጀርባው እጅ እስኪታይ ካልሳሳ ሂሳብ ሳትከፍሉ ውጡ።

ሁለት ሰዓት ላይ መኪና። ደንገጎን ትወጣላችሁ፣ ሐረማያን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ አወዳይ ነው። አወዳይ የጫት ገበያ ነው፤ የሚበላ አትፈልጉበት። አንድ ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው። ሐረር ከድሬ ከፍ ያለ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፤ ለእትዬ ነጠላ ብቻ አይበቃም።

ስለ ውሃ አንድ ነገር። ሐረር የውሃ ችግር ያለባት ከተማ ናት፤ ቧንቧው በየቀኑ አይመጣም። ስለዚህ ምግብ ቤት ስትገቡ ከምግቡ በፊት ማጠቢያውን እዩ። ጀሪካን በቧንቧ ተገጥሞ የሚፈስ ውሃ ካለ ጥሩ። ብርጭቆው ሁሉ በአንድ ሳፋ ውሃ እየተነከረ የሚወጣ ከሆነ ግን ጁስም ሻይም ይቅርባችሁ። ሃይላንድ ግዙ፣ ክዳኑ ሲከፈት ጠቅ ማለቱን አረጋግጡ።

አራት ሰዓት ላይ ጊድር መጋላ፣ የሥጋ ገበያው። ሥጋ በጠዋት ነው የሚታየው። እዚህ የምትበሉት የለም፣ ግን እለፉበት። ጭልፊቶቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ሰው ይጠብቃሉ። ሥጋ በእጁ ይዞ የወጣ ሰው ይነጠቃል፤ ናሆም ብስኩቱንም ይደብቅ።

ምሳ ስድስት ሰዓት፣ ሸዋ በር አካባቢ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች የሚገኙት በዚያ በኩል ነው። ጥብስ፣ በደንብ የበሰለ። ዳዊት፣ ቁርጥ እንደምትል አውቃለሁ። ኮሶ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከፈለግክ አዲስ አበባ ከምታውቀው ቤት ብላ። ለናሆም ጨርሶ አይሆንም።

ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት የጉዞው ልብ ነው። የሐረር ገበያ ከሰዓት በኋላ ነው የሚደምቀው፣ እሁድ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ቅዳሜን ለሐረር የሰጠሁት። ከሸዋ በር ገብታችሁ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ውረዱ፣ ከዚያ መኪና ግርግር በሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወደ ውስጥ። የሲንገሩን ድምፅ ተከተሉ። ሙሽበክ በዚህ ሰዓት ይጠበሳል፤ ሊጡ ዘይት ውስጥ እየዞረ ይገባል፣ ስኳር ውስጥ ይነከራል። አንድ ለሁለት ይበቃል፣ ጣፋጭነቱ ያዞራል። ከእሱ በኋላ ሆጃ፤ የቡና ገለፈት ከወተት ጋር ተፈልቶ። ፈልቶ ስለሚቀዳ ለልጅም ችግር የለውም።

ጥቅምት የለውዝ አዝመራ ነው። ከነቅርፊቱ ግዙ፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የሸተተውን ሳታዝኑ ጣሉ። የለውዝ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፣ መቁላትም አያጠፋውም።

ጅብ ማብላት ማየት ትፈልጋላችሁ፣ አውቃለሁ። ሲጨልም፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጅቡም የእራት ሰዓት አለው። እናንተ ከእሱ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ትበላላችሁ። መካከል ላይ ናሆም እንዳይርበው ሙዝ ያዙለት። እራት ቀለል ያለ፤ ሾርባ፣ ዳቦ፣ ለፈለገ ቀዝቃዛ ሐረር ቢራ።

እሁድ፦ መመለሻ

እትዬ ፈረስ መጋላ ያለው መድኃኔ ዓለም ያስቀድሳሉ። እናንተ እስኪወጡ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ጁጎልን በእግር ዙሩ፣ የራምቦ ቤትም እዚያው ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ቡና፣ አብረው ሁሉም። የተቆላ የሐረር ቡና ሲወቀጥ እያያችሁ ግዙ። ሐልዋ ግዙ፤ ደረቅ ስለሆነ መንገድ ይችላል። ሥጋ ነክ ነገር ይዛችሁ እንዳትነሱ፣ ድሬ ስትደርሱ ሙቀቱ ይጨርሰዋል።

አምስት ሰዓት ላይ ከሐረር ውጡ። ምሳ ድሬ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ፣ ያኔ ሩዙ ገና አላለቀም። ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያ። የማታውቁትን ምግብ በመጨረሻው ቀን እንዳትሞክሩ፤ አየር ላይ ሽንት ቤት ወረፋ አለ። ቅዳሜ ማታ ደውሉልኝ፣ ሸዋ በር የበላችሁበትን ቤት ንገሩኝ፣ እኔም በገና እወርዳለሁ አቦ።