በዓልን ሐዋሳ ላይ፦ የእንግዳ ማረፊያችን የ2018 ዓ.ም. የቤተሰብ ፓኬጆች

በዓል ሲደርስ እናት ሽንኩርት ስትከትፍ ታድራለች፤ ሌላው ይበላል። እኛ ይህን ማረፊያ ስንከፍት ያሰብነው እሷም ከልጆቿ ጋር ቁጭ ብላ በዓሉን እንድታይ ነው። ስለዚህ ወጡን እኛ እንሠራለን። «የለም፣ በእጄ ያልሠራሁት ዶሮ በዓል አይመስለኝም» የምትል እናት ከመጣች ደግሞ የጓሮው ማዕድ ቤት ክፍት ነው፤ ዶሮው በየብልቱ ተለይቶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ በርበሬና ቅቤው ቀርቦ ይጠብቃታል።

ክፍሎቻችን 11 ናቸው። አምስቱ አንድ ትልቅና ሁለት ትንንሽ አልጋ ያላቸው የቤተሰብ ክፍሎች፣ አራቱ ባለ አንድ ትልቅ አልጋ ሲሆኑ፣ ምድር ቤት ያሉት ሁለቱ ደረጃ መውጣት ለሚከብዳቸው አያቶች የተለዩ ናቸው። ሁሉም አልጋ አጎበር አለው። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር፣ ውኃ ቢጠፋ ታንከር አለ። መዋኛ ገንዳ ግን የለንም። ልጆችም ሐይቁ ውስጥ እንዲዋኙ አንፈቅድም፤ ጉማሬ አለበት።

ከታች ያሉት ዋጋዎች ለሁለት አዋቂና ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሁለት ልጆች ናቸው። ቫትና የአገልግሎት ክፍያ ተካቷል። ከአዲስ አበባ ለመጣም፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለመጣም ዋጋው አንድ ነው።

የታኅሣሥ ገብርኤል (ከታኅሣሥ 18 እስከ 20፣ ሁለት ሌሊት፣ 15,800 ብር)

ዘንድሮ 19 እሑድ ላይ ይውላል፤ ሥራ ላለው ሰው የሚመች ነው። በዚያን ቀን የሐዋሳ ገብርኤል አካባቢ ከየአገሩ በመጣ ምእመን ይሞላል፣ መኪና ማቆሚያም አይገኝም። ስለዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በራሳችን ሚኒባስ አድርሰናችሁ፣ ሲያበቃ ከተቀጣጠርንበት ቦታ እንወስዳችኋለን። ነጠላና ጃኬት አትርሱ፤ ንጋቱ ይበርዳል። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ማዕዱ የጾም ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ጎመን። ዓሣ የሚበሉ እንግዶች አሉ፣ የማይበሉም አሉ፤ ዓሣው በሌላ ድስት ተሠርቶ በሌላ ጠረጴዛ ይቀርባል።

ገና (ከታኅሣሥ 27 እስከ 30፣ ሦስት ሌሊት፣ 27,500 ብር)

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦችም በብዛት የሚይዙት እሱን ነው። 27 ከሰዓት ትደርሳላችሁ። በ28 ጠዋት ልጆቹን ወደ አሞራ ገደል እንወስዳቸዋለን፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ ትርፍራፊ ለመልቀም ሲሰለፍ፣ ዛፍ ላይ ጉሬዛ ሲዘል ያያሉ። ማታ ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር እሳቱ ዙሪያ እንቀመጣለን። ውጭ አገር የሚያድግ ልጅ ይህን ሽታ አያውቀውም፤ አንዴ ካወቀው ግን አይረሳውም።

ረቡዕ፣ በገና ቀን፣ ቅዳሴ ለሚሄዱ መኪና አለ። ስትመለሱ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ አይብና ጠላ ይጠብቃችኋል፤ አሥራ ሁለቱም ብልት ተሟልቶ፣ ለማን ምን እንደሚደርስ የቤተሰቡ ሽማግሌ ይወስናሉ። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ የገና ጨዋታ አለ። ዱላና ጥንጉን አዘጋጅተናል፤ አባቶች ከልጆቻቸው የበለጠ እንደሚሮጡ ከወዲሁ እንናገራለን።

ቅርጫ መግባት የሚፈልግ እስከ ታኅሣሥ 20 ያሳውቀን። በሬው በእንግዶቹ ፊት ይታረዳል፣ መደቡ በዕጣ ይከፈላል። ድርሻው ከፓኬጁ ውጪ ነው፤ የበሬው ዋጋ በተገዛበት ደረሰኝ ለገቡት እኩል ይካፈላል፤ እኛ ምንም አንጨምርበትም። የሚተርፋችሁን ሥጋ ቋንጣ አድርገን እናሰናዳላችኋለን።

ጥምቀት (ከጥር 9 እስከ 12፣ ሦስት ሌሊት፣ 24,000 ብር)

ከተራው እሑድ፣ ጥምቀቱ ሰኞ ነው። ታቦታቱን አጅባችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ከእናንተ ጋር የሚሄድ የቤታችን ልጅ አለ፤ ውኃና ጥላም ይይዛል። ሕፃን ያላቸው ደግሞ እዚሁ ቀርተው ከሰገነቱ ሐይቁን እያዩ ቡና ይጠጣሉ።

ዒድ አል ፈጥር (ሁለት ሌሊት፣ 16,500 ብር)

ቀኑን ጨረቃ ስለምትወስነው አንድ ቀን ቢገፋ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እናሸጋግራለን። ሥጋው ከሙስሊም እርድ ነው። ድስቱ፣ ቢላዋውና ሳህኑ የተለየ ሲሆን የምታበስለውም ሙስሊም ባለሙያ ናት። ለሶላት ጠዋት መኪና ይዘጋጃል።

ፋሲካ (ከሚያዝያ 1 እስከ 5፣ አራት ሌሊት፣ 34,000 ብር)

ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ ነው፤ ያን ቀን ጉልባን እንቀምሳለን። ዓርብ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሙዚቃ አይከፈትም፣ ለሚሰግዱ የስቅለት ስግደት መድረሻ መኪና አለ። ቅዳሜ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ማንም ተኝቶ አይጠብቃችሁም፤ መብራቱ በርቶ፣ ሆድ የሚያለሰልሰው ተልባ ቀድሞ፣ ዶሮው ተከትሎ ይቀርባል። 55 ቀን የጾመ ሆድ በአንዴ ቅቤ አይጣልበትም። እሑድ ከሰዓት ጀልባ፣ ሰኞ ጠዋት ቁርስ በልታችሁ ጉዞ። መንገዱ በዚያን ቀን ይጨናነቃልና ቀደም ብሎ መውጣት ይሻላል።

ፍቼ ጫምባላላ (ሁለት ሌሊት፣ 17,000 ብር)

እዚህ ከተማ ውስጥ ሆነን የሲዳማን ዘመን መለወጫ ሳናከብር መቅረት አንችልም። በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው፤ ቀኑን ከዋክብትን የሚያነቡ የሲዳማ አያንቱዎች ስለሚያውጁ፣ እንደታወጀ ለተመዘገቡት ሁሉ እንደውላለን። የማዕድ ቤታችን ዋና ባለሙያ የሲዳማ እናት ናቸው። በዋዜማው ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራውን ቡርሳሜ በእጃቸው ያቀርባሉ፤ ለእኛ ከዓመቱ ማዕድ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በማግስቱ ጉዱማሌ ሄደን ጭፈራውን እናያለን። ልጆቻችሁ «አይዴ ጫምባላላ» ማለትን አስቀድመው ቢለማመዱ የከተማው ልጆች ደስ ይላቸዋል።

ከውጭ ለምትመጡ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና አራት ከግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ቦሌ ላይ ተቀብለን እናመጣለን (በአንድ መኪና 11,000 ብር)። ረጅም በረራ ላይ የነበሩ ልጆች ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ራበኝ» ብለው ይነሳሉ፤ ስለዚህ ዳቦ፣ ማርና ወተት ሌሊቱን ሙሉ ከማዕድ ቤቱ አይጠፋም። አማርኛ የማይችል ልጅ ካላችሁ አትሸማቀቁ። ከእኛ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት በሁለተኛው ቀን «አቀብለኝ» ማለት ይጀምራል። ዘመድ ሊጠይቃችሁ ቢመጣ ለቡናና ለዳቦ አናስከፍልም፤ ለምሳ የሚቀመጥ ካለ ግን ጠዋት ንገሩን።

ክፍል ለመያዝ ከዋጋው ሲሶውን በቴሌብር ወይም በባንክ ታስገባላችሁ። ከበዓሉ 10 ቀን በፊት ብትሰርዙ ሙሉው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ግማሹ። ሐዘን ወይም ሕመም ከሆነ ግን ቀን አንቆጥርም፣ ሙሉውን እንመልሳለን። ምድር ቤት ያሉት ሁለት ክፍሎች ቶሎ ስለሚያዙ፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ስትደውሉ መጀመሪያ እሱን ንገሩን።