የተስተካከለ ጥሪ፦ የብሎክ 12 የውሃ ፓምፕና ሮቶ ግዢ ውሳኔ፣ እሁድ ህዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም ከቀኑ 10 ሰዓት

የተከበራችሁ የብሎክ 12 ቤት ባለቤቶችና ነዋሪዎች፣

እሁድ የምንሰበሰበው አንድ ነገር ለመወሰን ነው፦ የተቃጠለውን የውሃ ፓምፕ በምን እንተካው፣ ገንዘቡንስ እንዴት እናዋጣ። ከስብሰባው በፊት ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንደኛ፣ የተያያዘውን ባለ 3 ገጽ ሰነድ አንብባችሁ ከሦስቱ አማራጮች አንዱን መርጣችሁ ኑ፤ ንባቡ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ በአካልም በዙምም መገኘት የማትችሉ ተወካያችሁን እስከ ዓርብ ህዳር 5 ከምሽቱ 12 ሰዓት በጽሑፍ አሳውቁን።

ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ ጥቅምት 29 የላክነውን ጥሪ ይተካል። ያኛው «በሚቀጥለው እሁድ 4:00 ስለ ውሃ ጉዳይ ስብሰባ ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ» ከማለት በቀር ምንም አልነገራችሁም። በዚህም የተነሳ ትናንት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግቢ ወርደው የጠበቁ አሉ። ውጭ አገር ያላችሁት ደግሞ 4:00 የሚለውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ብላችሁ ተረድታችኋል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ትናንት የወረዳችሁትን ይቅርታ እንጠይቃለን። የድሮውን ግብዣ ከካላንደራችሁ አጥፉት፤ አዲሱ ከዚህ ኢሜይል ጋር ተያይዟል።

ጊዜውና ቦታው

እሁድ፣ ህዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በፈረንጆች ኖቬምበር 16 ቀን 2025። ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ያበቃል። በካላንደራችሁ ላይ የሚታየው ይህ ነው፦

```
Sun 16 Nov 2025, 4:00 PM – 5:20 PM (Addis Ababa)
```

ቦታው የግቢያችን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ማለትም ኮሚናሉ፣ የምድር ወለል አዳራሽ ነው። በዙም ለምትገቡ ሰዓቱ በየአገሩ እንዲህ ነው፦ ዋሽንግተን ከጠዋቱ 8:00፣ ፍራንክፈርት ከቀኑ 14:00፣ ቴል አቪቭ 15:00፣ ሪያድ 16:00፣ ዱባይ 17:00። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ኖቬምበር 2 ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት ከ7 ወደ 8 ሰዓት ሰፍቷል። በበጋው ልማድ አስልቶ 9:00 ላይ የሚገባ ሰው የመጀመሪያው ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ይደርሳል። የዙም መግቢያው ካላንደሩ ግብዣ ውስጥ አለ። ስትገቡ ስማችሁን በብሎክና በቤት ቁጥር ቀይሩት፤ ለምሳሌ `B12-304`። ቁጥሩ ከሌለ ድምፁ የየትኛው ቤት እንደሆነ ስለማናውቅ ልንቆጥረው አንችልም።

ምን እንመርጣለን

ፓምፑ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ነሐሴ ላይ ኮይሉ ተጠቅልሎ ተመለሰ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ነደደ። ባለሙያው ፈትቶ ያገኘው ምክንያት አንድ ነው፦ የምድር ታንከሩ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ፍሎት ስዊች የለም። ውሃ ሳይኖር ሲሽከረከር መጀመሪያ የማሸጊያ ጎማው ይቃጠላል፣ ከዚያ ሞተሩ ይግላል፣ በመጨረሻም ኮይሉ ይነድዳል። ስለዚህ የትኛውንም አማራጭ ብንመርጥ ሁለት ፍሎት ስዊች ይገጠማል፤ አንዱ ታች ደረቅ ሲሆን የሚያጠፋ፣ አንዱ ላይ ጣሪያው ሲሞላ የሚያቆም።

ሁለተኛው ችግር የውሃው መጠን ነው፤ ፓምፕ ብቻውን አይፈታውም። 40 ቤት በአማካይ 4 ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብለን ስናሰላ የብሎኩ ፍጆታ በቀን 8,000 ሊትር ይሆናል። የመስመር ውሃ በፈረቃ ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጣል፤ ረጅሙ ክፍተት 4 ቀን ነው፣ 32,000 ሊትር ይጠይቃል። ያለን ግን 20,000 ሊትር በምድር ታንከር፣ 10,000 ሊትር ደግሞ ጣሪያ ላይ ባሉት ሁለት ሮቶዎች፣ በድምሩ 30,000 ነው። ዓርብ ማታ አራተኛ ፎቅ ቧንቧው የሚደርቀው ከዚህ የተነሳ ነው።

አማራጭ አንድ፦ የድሮውን ሞተር እንደገና ማስጠቅለልና ሁለቱን ፍሎት ስዊቾች መግጠም፣ 36,000 ብር።

አማራጭ ሁለት፦ አዲስ ባለ 1.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ከመቆጣጠሪያ ሳጥንና ከፍሎት ስዊቾች ጋር፣ 80,000 ብር። ጉልበቱን የመረጥነው ከታንከሩ ወለል እስከ ጣሪያው ሮቶ አፍ ያለው ቁመት 20 ሜትር ስለሆነ ነው፤ ለቧንቧው መጨናነቅ 5 ሜትር ጨምረን በ25 ሜትር አስበነዋል። ጣሪያ ላይ ያሉትን ሮቶዎች በ2 ሰዓት ውስጥ ይሞላል። «ለምን 3 ጉልበት አንገዛም?» ለምትሉ፦ ጉልበቱ ሲጨምር ሲነሳ የሚስበው ኤሌክትሪክም ይጨምራል፤ የጋራው ቆጣሪ መስመር እሱን አይችልም።

አማራጭ ሦስት፦ አማራጭ ሁለት እንዳለ ሆኖ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ከመሠረቱ፣ ከቧንቧውና ከሠራተኛው ጋር፣ ጠቅላላ 180,000 ብር። ሮቶው ምድር ላይ፣ ከታንከሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሲሞላ 10 ቶን ስለሚመዝን ጣሪያ ላይ ማውጣት አይታሰብም። ክምችታችን 40,000 ሊትር ይደርሳል፤ ለ5 ቀን ይበቃል።

ዋጋዎቹ ሁሉ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራሉ። የኮሚቴው ሐሳብ ሦስተኛው አማራጭ ነው። የመጀመሪያውን አንደግፍም፤ ሁለት ጊዜ የጋለ ሞተር ሦስተኛ ጥቅልል ብዙ አይቆይም። ሦስቱም ፕሮፎርማዎች የተሰጡት ጥቅምት 24 ነው፣ የሚጸኑትም ለ21 ቀን፣ እስከ ሰኞ ህዳር 15 ነው። በተውሶ የምንጠቀምበትን ፓምፕ ደግሞ ህዳር 20 እንመልሳለን።

መዋጮው

በባንክ ካለን 60,000 ብር 40,000ውን ለዚህ ብናውል፣ በአማራጭ ሦስት የሚዋጣው 140,000 ብር ይሆናል። እኩል ከተካፈልን በየቤቱ 3,500 ብር ነው። በካሬ ሜትር ከተካፈልን ስቱዲዮ 2,187.50፣ ባለ አንድ መኝታ 3,281.25፣ ባለ ሁለት መኝታ 4,375 ብር ይደርሰዋል። ይህ ስሌት 8 ስቱዲዮ በ30፣ 16 ባለ አንድ መኝታ በ45፣ 16 ባለ ሁለት መኝታ በ60 ካሬ ተወስዶ የተሠራ ነው። የቤታችሁ ካርታ ላይ ያለው ካሬ ከዚህ ከተለየ እስከ ዓርብ ህዳር 5 ፎቶውን ላኩልን። ስብሰባ መሀል ካርታ መቁጠር ከጀመርን 20 ደቂቃው በዚያ ያልቃል።

ውሳኔው እንዲጸና

በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው፤ ውሳኔ የሚሰጠው ከ40 ቤት 21 ሲገኝ ነው፣ በዙምም በውክልናም ያለው ይቆጠራል። ለዚህ ስብሰባ በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና አንጠይቅም፤ የተፈረመ ደብዳቤ ይበቃል። ደብዳቤው የቤቱን ቁጥር፣ የተወካዩን ሙሉ ስም፣ የስብሰባውን ቀንና «በሁለቱም ድምፅ ይወክለኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይያዝ፤ ከመታወቂያ ፎቶ ጋር ለዚህ ኢሜይል መልሱ። «በሁለቱም ድምፅ» የሚለው አይቅር፤ ለፓምፑ ብቻ የተወከለ ሰው መዋጮው ላይ ድምፅ መስጠት አይችልም። ተከራዮች መጥታችሁ ብትናገሩ ደስ ይለናል፤ ውሃው ሲጠፋ የምትቸገሩት እናንተም ናችሁ። ድምፅ የምትሰጡት ግን ባለቤቱ በጽሑፍ ሲወክላችሁ ነው፤ ስለዚህ ይህን ኢሜይል ዛሬውኑ ለአከራያችሁ አስተላልፉላቸው።

እስከ 10 ሰዓት ከ20 ድረስ 21 ቤት ካልሞላ ገለጻውን ሰምተን እንበተናለን፤ ድምፁ እሁድ ህዳር 14 በዚሁ ሰዓትና ቦታ ይሰጣል። ያኔ ለፕሮፎርማው የሚቀረን አንድ ቀን ብቻ ነው።

የስብሰባው አካሄድ

10:00–10:10 የቤት ቆጠራና የውክልና ማጣሪያ፣ በጸሐፊ።
10:10–10:25 የቴክኒክ ኮሚቴው ገለጻ። የተቃጠለው ፓምፕ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ኦርጅናላቸው ይቀርባል።
10:25–10:50 ጥያቄና የመጀመሪያው ድምፅ፦ አማራጭ አንድ፣ ሁለት ወይስ ሦስት።
10:50–11:10 ሒሳብ ያዡ እስከ ህዳር 1 ያለውን የባንክ መግለጫ ያሳያሉ፤ ከዚያ ሁለተኛው ድምፅ፦ 40,000ውን እናውጣ ወይስ አናውጣ፣ መዋጮውስ እኩል ወይስ በካሬ።
11:10–11:20 ገዢ የሚሆኑ ሦስት ሰዎች ምርጫና የመዋጮው የመጨረሻ ቀን።

የጥበቃ ደመወዝ፣ የመኪና ማቆሚያና የደረጃ ጽዳት በዚህ ስብሰባ አይነሱም። በታኅሣሥ መደበኛ ስብሰባ ላይ ተይዘዋል፤ ሐሳብ ያላችሁ እስከ ህዳር 25 ላኩልን።

መብራት ቢጠፋ ስብሰባው አይቋረጥም፤ ኮምፒውተሩ ተሞልቶ ይመጣል፣ ኢንተርኔቱም ከስልክ ነው። መስመሩ የተቆረጠባችሁ ምርጫችሁን በ10 ደቂቃ ውስጥ ለዚህ ኢሜይል ጽፋችሁ ብትልኩ ይቆጠራል።

አሁን የምንጠብቀው አጭር መልስ ነው፦ የቤት ቁጥራችሁንና «በአካል»፣ «በዙም» ወይም «በተወካይ» ከሚሉት አንዱን ጽፋችሁ እስከ ረቡዕ ህዳር 3 መልሱልን። ኢሜይል ለማያዩ አባቶችና እናቶች የየፎቁ ተጠሪ ይህንኑ በወረቀት ያደርስላቸዋል፣ መልሳቸውንም ይዞልን ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የብሎክ 12 ነዋሪዎች ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ ጸሐፊ
ሰኞ ህዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም

ተያያዥ፦ 1) የአማራጮች ማነፃፀሪያ፣ 3 ገጽ። 2) የሦስቱ ፕሮፎርማዎች ቅጂ። 3) የ40ውም ቤቶች የመዋጮ ሠንጠረዥ በሁለቱም ስሌት። 4) የካላንደር ግብዣ ከዙም መግቢያ ጋር።