ለግንቦት 18ቱ የተግባር ፈተና የአራታችሁ የልምምድ ዕቅድ

ሰላማዊት፣ ደረጀ፣ ኑሪያና ብርቱካን፦

ትናንት በስኪል ላብ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ካየኋችሁ በኋላ ሌሊቱን ስታሳስበኝ ያደረችው የብርቱካን መርፌ ናት። ስለ ሦስተኛው የምጥ ደረጃ ስጠይቃት አንዲት ነጥብ ሳታዛንፍ ነግራኛለች። ሞዴሉ ፊት ስትቆም ግን ሕፃኑን እናቱ ሆድ ላይ አስቀመጠችና ኦክሲቶሲን ፍለጋ ወደ መደርደሪያው ዞረች። አምፑሉ አልተሰበረም፤ ሲሪንጁ ከነማሸጊያው ነው። መርፌው እስኪወጋ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሄደ። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት በጡንቻ መሰጠት ያለበት መድኃኒት ነው። ብርቱካን ይህን አታውቅም የሚል ሰው የለም። እጇ ግን አያውቀውም። የሦስታችሁም ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ከሰኞ ሚያዝያ 19 ጀምሮ ቼክሊስት መሸምደድ ይብቃ። ያላችሁን ጊዜ ለእጃችሁ ስጡት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ስኪል ላቡ ለእናንተ ክፍት ነው፤ ቁልፉን ከደረጀ ሌላ ሰው እንዳይዘው ተስማምቻለሁ። ቅዳሜን የምንጠቀመው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው።

የሚጠብቃችሁ ስድስት ጣቢያ ነው፤ በእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ፣ ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ለማንበብ አንድ ደቂቃ። የነፍሰ ጡር ሆድ ምርመራ፣ የሦስተኛው ደረጃ አያያዝ፣ ትንፋሽ ያጣ ጨቅላ ሕፃን መርዳት፣ ለኤክላምፕሲያ ማግኒዥየም ሰልፌት ማዘጋጀትና መስጠት፣ የቤተሰብ ዕቅድ ምክር፣ ፓርቶግራፍ መሙላት። ኦስኪ የሚባለው ይህ አፈታተን በ1975 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ሮናልድ ሃርደን ሲጀምረው ዋናው ሐሳብ ሁሉም ተፈታኝ በአንድ ዓይነት ሥራና በአንድ ዓይነት ቼክሊስት እንዲመዘን ነበር። ትርጉሙ ለእናንተ ይህ ነው፤ ፈታኙ የሚመዘግበው ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው። በልባችሁ ያሰባችሁት ነጥብ የለውም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። ተማሪ ሳለሁ በጨቅላ ሕፃን ጣቢያ ማስኩን ገጠምኩ፣ ደረቱ አልነሳ ሲል አንገቱን አስተካከልኩ፣ ደግሜ ነፋሁ፣ ተነሳ። ሁሉን ያደረግኩት በዝምታ ነበር። ስጨርስ ፈታኟ «ደረቱን አይተሽዋል?» አለችኝ። ማየቴን ብነግራትም ሰዓቱ አልቆ ነበር፤ ነጥቡ አልተሰጠኝም። አልተበደልኩም። አጠገቤ ረዳት ቢኖር ኖሮ ያ ረዳት ምን እየሆነ እንደሆነ አያውቅም ነበርና። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ እየተናገራችሁ ሥሩ፤ «ደረቱ አልተነሳም፤ ማስኩን እንደገና እገጥማለሁ፤ ጭንቅላቱን አስተካክላለሁ» እያላችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሚያዝያ 19 እስከ 25፦ ሰዓት የለም

ሁለት ጣቢያ ብቻ፤ ሦስተኛው ደረጃና ጨቅላ ሕፃኑ። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ። ገና ያልጠራ እጅ በሰዓት ሲጣደፍ ስሕተቱን ይለምዳል፤ የለመደውን ስሕተት ማስተው ደግሞ አዲስ ከማስተማር ይከብዳል።

አራት ናችሁ፤ አራት ሥራ አለ። አንዱ ይሠራል፤ አንዱ እናቲቱን ይሆናል፤ አንዱ ቼክሊስት ይዞ ፈታኝ ይሆናል፤ አራተኛው የሚያየው እጅ ብቻ ነው፤ እጁ የት እንደሄደ፣ የት እንደቆመ፣ ምን ለመፈለግ እንደዞረ። በየዙሩ ትለዋወጣላችሁ። እናቲቱን መሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደረጀ ትናንት ሞዴሉ ላይ ሲሠራ አንዴም አላነጋገራትም። ሰኞ እሱ ራሱ ይተኛና ማንም ሳያናግረው ሆዱን ሲጫኑት ምን እንደሚሰማው ይወቀው። ሰላምታ፣ ስም፣ መጋረጃ፣ «አሁን ይህን ላደርግ ነው፣ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ቼክሊስቱ ላይ ነጥብ አላቸው፤ ነጥብ ባይኖራቸውም እኔ እፈልጋቸዋለሁ።

ሦስተኛውን ደረጃ ከትሪው ጀምሩ። ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ኦክሲቶሲኑ ተቀድቶ፣ ሁለቱ ክላምፕ፣ መቀሱ፣ ደረቅ ፎጣዎቹ፣ አምቡ ባጉና ማስኩ በቦታቸው መቀመጥ አለባቸው። ትሪውን ብቻ አፍርሳችሁ አምስት ጊዜ ደርድሩ፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ፣ ሲሪንጁ በምትወጉበት እጅ በኩል። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ቀስ ብላችሁ ሂዱበት፦ ሕፃኑን ማድረቅ፣ ሆዷን ዳስሶ ሌላ ሕፃን አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ መርፌው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ እትብቱን ማሰርና መቁረጥ፣ ማህፀኑ ሲኮማተር አንዱ እጅ ከፊተኛው የዳሌ አጥንት በላይ ማህፀኑን ወደ ላይ ደግፎ ሌላው እትብቱን በቀስታ መሳብ። ኑሪያ፣ ያንቺ ግራ እጅ ትናንት ሁለት ጊዜ ተነሳ። ማህፀኑን የሚጠብቀው እሱ ነው። ግራ እጅሽ ሳይደግፍ ቀኝ እጅሽ እንዳይስብ፤ ይህን ክፍል ለብቻው አሥር ጊዜ ሥሪው።

ጨቅላ ሕፃኑ ላይ ችግሩ ማስኩ ነው። ሰላማዊት ትናንት ስትነፋ አየሩ በአገጩ ሥር እየወጣ «ፍስ» የሚለው ድምፅ እስከ በሩ ይሰማኝ ነበር። ማስኩ አገጩን፣ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ዓይኑን ግን አይንካ። ከአገጩ ጀምራችሁ ወደ አፍንጫው አስተኙት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከላይ ይዘው፣ የቀሩት ጣቶች መንጋጋውን ወደ ማስኩ ያንሱት እንጂ ማስኩን ወደ ፊቱ አትጫኑት። ደረቱ በሁለት ተከታታይ ንፊያ እስኪነሳ ድረስ ወደሚቀጥለው ነጥብ አትለፉ።

ስለ አስተያየት

ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት፤ ዕቅዱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። እናንተ ተዋደዳችሁ ያደጋችሁ ጓደኛሞች ናችሁ፤ ይሉኝታ አላችሁ። ትናንት ከብርቱካን ዙር በኋላ ሦስታችሁም ያላችኋት «ጎበዝ፣ ትንሽ ቀረሽ» ነው። ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ትንሽ አይደለም። አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት ያ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አይታችኋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሥራው እስኪያልቅ ማንም አይናገር፤ እርዳታም አይስጥ። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚናገረው የሠራው ሰው ነው። ቀጥሎ ፈታኝ የነበረው ያየውን ይናገራል፤ ፍርዱን አይደለም። «ተዝረክርከሻል» ማለት አይጠቅማትም፤ «ጓንት ካጠለቅሽ በኋላ መብራቱን ነካሽ» ማለት ግን የምታስተካክለውን ነገር ይሰጣታል። ከሁለት ነጥብ አትለፉ፤ ስምንት ስሕተት የተነገረው ሰው አንዱንም አያስተካክልም። ወዲያው፣ እዚያው ቆሞ፣ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ሦስት ጊዜ ይድገም፤ ከዚያ ሙሉውን አንድ ጊዜ። አስተያየት ሰምቶ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አስተያየቱን እዚያው ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ቀን፣ ጣቢያ፣ የሠራው ሰው፣ የተዘለለው ነጥብ። አንድ ስሕተት በአንድ ሰው ስም ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ዓርብ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የእሱ ነው። ደብተሩን በየሳምንቱ መጨረሻ አያለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ከሚያዝያ 26 እስከ ግንቦት 2

የቀሩትን አራት ጣቢያዎች አስገቡ። ማክሰኞ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ስለሆነ ግቢው ዝግ ነው፤ ቤታችሁ ሆናችሁ የንፊያውን ምት ሥሩ። የተጠቀለለ ካልሲ በእጃችሁ ይዛችሁ «ጫን፣ ሁለት፣ ሦስት» እያላችሁ በአንድ ደቂቃ 40 ጊዜ እስኪሞላ። አብዛኛው ሰው ሲደነግጥ ስድሳና ሰባ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ምቱ ሳታስቡት የሚመጣ መሆን አለበት።

ማግኒዥየሙን በወረቀት ላይ ማስላት ትችላላችሁ፤ አሁን በውኃ ቅዱት። ከ50 በመቶው 8 ሚሊ ሊትር፣ እሱም 4 ግራም ነው፣ ከ12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ጋር፤ 20 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ቢያንስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በዝግታ። ከዚያ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም፣ 1 ሚሊ ሊትር 2 በመቶ ሊዶካይን ተጨምሮበት። ከመድገማችሁ በፊት ትንፋሿን፣ የጉልበቷን ምላሽና ሽንቷን እንደምታዩ፣ ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገባችሁ እንዳለ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። መርፌውን መልሳችሁ አትክደኑ፤ ሴፍቲ ቦክሱ እጃችሁ በሚደርስበት ይሁን።

ፓርቶግራፉ ወረቀት ብቻ ስለሆነ ማታ ቤት ይሠራል፤ በሳምንት ሦስት ይበቃል። ለምክር ጣቢያው ደግሞ ኑሪያ ከአክስቷ ጋር የምታወራውን ያህል ብታወራ ሁላችሁንም ትበልጣለች።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ከግንቦት 3 እስከ 9፦ ሰዓቱ ይግባ

አሁን ስልኩን አውጡ። ሰኞና ረቡዕ እያንዳንዱን ጣቢያ ሦስት ጊዜ በተከታታይ በሰዓት ሥሩና ሦስቱንም ጻፉ። የምንፈልገው ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው። ሰዓቱ ካለፈባችሁ እጃችሁን አታፍጥኑ። ጊዜ የሚባክነው በሥራው ላይ ሳይሆን በሁለት ሥራ መካከል ቆማችሁ ቀጥሎ ምን እንደሆነ ስታስቡ ነው። አራተኛው ተመልካች እነዚያን ዝምታዎች ይቁጠር፤ የምትቀንሱት እነሱን ነው።

ቅዳሜ ግንቦት 8 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የመጀመሪያው ሙሉ ዙር ነው፤ ስድስቱም ጣቢያ፣ ደወል፣ በር ላይ መመሪያ፣ ነጭ ጋወን። ከማዋለጃ ክፍል የማታውቋትን ባልደረባዬን ይዤ እመጣለሁ። እሷ አትስቅም፣ ራሷንም አትነቀንቅም፤ ፈታኙም እንደዚያው ነው። በየመሐሉ አንድ ነገር እናበላሻለን፤ የጓንቱ ልክ አይገኝም፣ ሕፃኑ በመጀመሪያው ንፊያ አይነሳም፣ እናቲቱ መሐል ላይ ጥያቄ ትጠይቃለች።

አንዱ ጣቢያ ከተበላሸባችሁ በሩን ስትዘጉት እዚያው ይቅር። የሚቀጥለው በር ላይ ያለችውን አንድ ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ለንባብ ተጠቀሙባት፤ መመሪያው «እትብቱ ታስሯል» ካለ እትብት አትሠሩ።

አራተኛው ሳምንት፣ ከግንቦት 10

ረቡዕ ግንቦት 12 እና ቅዳሜ ግንቦት 15 ሙሉ ዙር። ሰኞና ዓርብ በደብተሩ ላይ ለተደጋገሙት ብቻ። ከቅዳሜ በኋላ አዲስ ነገር አይጨመርም። እሑድ ዕረፍት ነው፤ የምሬን ነው፣ ስኪል ላቡን አልከፍትም። ሰኞ ግንቦት 17 ግማሽ ሰዓት ትሪ ደርድሩ፣ ማስኩን አሥር ጊዜ ግጠሙ፣ ሂዱና ተኙ።

ማክሰኞ ጠዋት ጥፍራችሁ የተቆረጠ፣ ፀጉራችሁ የታሰረ፣ ሰከንድ ያለው የእጅ ሰዓት፣ ሁለት እስክሪብቶና መታወቂያ ይዛችሁ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው በር እንገናኛለን። ቁርስ ሳትበሉ እንዳትመጡ፤ ዳቦና ሻይ በፌስታልና በፔርሙስ ይዤ እመጣለሁ።

ሰኞ በ11 ሰዓት የመጀመሪያዋ ሠሪ ብርቱካን ናት። ከትሪው ትጀምራለች።

ሲስተር አልማዝ
ሚያዝያ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.