ቁጭ በሉ ልጆች

ኑ ወደዚህ፣ ሁላችሁም። ውሃ የቀረው ያካፍል።

ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ፣ ማንም እንዳይስቅበት። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የሮጣችሁለት ዋንጫ ነው፣ እንዴት አያስለቅስም? እኔም ቆጭቶኛል።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ይቁም። ቅድም ከሜዳ ስትወጡ በረኛችንን ማን ምን እንዳለው ሰምቻለሁ። ሁለተኛ እንዳልሰማ! ጎሏን የበላው እሱ ብቻ አይደለም። ኮርናው ሲሻማ ሁለተኛው ቋሚ ጋ የቆመ ሰው አልነበረም፣ ኮርናው ራሱ የመጣው ኳሷን ዝም ብለን ስለጠለዝናት ነው፣ የጠለዝናት ደግሞ 1 ለ 0 ስንመራ ፈርተን ሁላችንም ጎላችን ደጃፍ ስለተከመርን ነው። እስከ እረፍት እኮ ጨዋታው የእኛ ነበር። መሬት ለመሬት፣ አንድ ሁለት እየተቀባበላችሁ፣ ተመልካቹ ሁሉ ሲያጨበጭብላችሁ ነበር። ጎል አገባንና ያንን ተውነው። እየመሩ መጫወት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ ማክሰኞ ከሱ እንጀምራለን።

ዳኛውን ተዉት። ሪጎሬ ነበር አልነበረም እያላችሁ እስከ ሰፈር ብትጨቃጨቁ ውጤቱ 2 ለ 1 ነው።

አሁን ይቺን ስሙ። እናንተ ሕፃናት በነበራችሁበት ጊዜ ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር ተጫወተ። እዚያ ሄዶ 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ጎል ገብቶባቸው፣ ያውም በሰው አገር፣ ግን ሦስት አግብተው ነው የተመለሱት። ጥቅምት 2005 ላይ አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸነፉና ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። በድምሩ እኩል 5 ለ 5 ነበር፣ ያሳለፉን ሰው ሜዳ ላይ እየተሸነፉ ያገቧቸው እነዚያ ጎሎች ናቸው። የእኛ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ 2 ለ 1 ከሆነ በኋላ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ እንዴት እንደሮጣችሁ አይቻለሁ። አምበላችን እግሩን ይዞት እያነከሰ ተከላካያቸውን ሲያሳድድ ነበር። እንደዚህ የሚጫወት ቡድን ነው የምፈልገው፣ ለዚህም አመሰግናችኋለሁ፣ ከልቤ።

ሜዳሊያውን ሣሩ ላይ ወርውሮ የመጣ ልጅ አለ። ማን እንደሆነ አልጠራም፣ ሄዶ ያንሳው። ሁለተኛ የወጣነው ሠርተን ነው፣ እናትህም ቤት ስትገባ ማየት ትፈልጋለች።

የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ይሄን ሳምንት ከልምምድ ነፃ ናችሁ፣ አጥኑ። ሌሎቻችሁ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት፣ እዚያው ሜዳችን። ማሊያ ሰብስቡ፣ አንድም እንዳይጎድል።

በሉ ተነሱ፣ መጀመሪያ ሄደን እነዚያን ልጆች እንኳን ደስ ያላችሁ እንበላቸው። በረኛው ከፊት ይሁን፣ ከእኔ ጋር።