እሹሩሩ ሚሚ

እሹሩሩ ሚሚ፣ እሹሩሩ፣
ውሾቹም ዝም አሉ፣ ተኙ በየበሩ።
እሹሩሩ ሆዴ፣ እሹሩሩ፣
ዓይኖችሽ ይከደኑ፣ ሲያዩኝ ነው ያደሩ።

ጡትሽን ጠብተሻል፣ ግሳትሽም ወጣ፣
ተኚልኝ እናቴ፣ እንቅልፍሽ ይምጣ።
ይምጣ ይምጣ ይምጣ፣ እንቅልፍሽ ይምጣ፣
በጓሮም ቢመጣ፣ በደጅም ቢመጣ።

እሹሩሩ ሚሚ፣ እሹሩሩ፣
ጣቴን ያዢው በቃ፣ ጣቶችሽ ሞቀው ይደሩ።

አባትሽ ሲገባ፣ ጫማውን አውልቆ፣
ያይሻል ከበሩ፣ ትንፋሹን ደብቆ።
ነይ ብሎ አይጠራሽ፣ ስምሽን አያውቀው፣
ገና አልወጣልሽም፣ ቄሱን ነው ምንጠብቀው።
ክርስትናሽ ሲደርስ፣ ሲሞላ ሰማንያ፣
ቄሱ ስም ያወጣሉ፣ ሚሚ ነሽ እስከዚያ።

እሹሩሩ ሚሚ፣ እሹሩሩ፣
እሹሩሩ ሆዴ፣ እሹሩሩ።

ማርያም ከራስጌሽ፣ ማርያም ከግርጌሽ፣
ክፉ ዓይን አይንካሽ፣ ሰላም ይሁን ሌትሽ።

አያትሽ ጓዳ ናት፣ አጥሚት ታማስላለች፣
«አልተኛችም ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።
አልተኛችም ወይ? አልተኛችም ወይ?
ዓይንሽን ገልጠሽ፣ ትስቂብኛለሽ ወይ?
ተኝታለች ልበል፣ አታሳጪኝ እቴ፣
እሹሩሩ ሚሚ፣ እሹሩሩ እናቴ።